«ጋሼ፣ ፈርመው ብቻ ይስጡኝ»

ልጅቷ ከመሥሪያ ቤታችን ከለቀቀች ቆይታለች። የመጣችው ለጀርመኑ ዳአድ ስኮላርሺፕ ልታመለክት ስለሆነ የቀድሞ አለቃዋ ደብዳቤ አስፈልጓት ነው። ደብዳቤውን ራሷ ጽፋ ጨርሳዋለች፤ የቀረው የእኔ ፊርማና ማህተም ነው። እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ አለቃ ጊዜ የለውም ተብሎ ባለጉዳዩ ጽፎ ይመጣል።

«ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ» ይላል። ስሟን አውጥቶ የጥበቃችንን ስም ማስገባት ይቻላል። ሰዓት አክባሪ የሚለው ላይ ስንደርስማ ሁለታችንም ሳቅን።

«ጋሼ፣ ፈርመው ብቻ ይስጡኝ፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስገባው።»

«ሁሉም እንዲህ ካስገባ አንቺን በምን ይለዩሻል?» አልኳትና ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።

ሥራዋ የገጠር የእጅ ፓምፖችን መከታተል ነበር። አብዛኞቹ አፍሪዴቭ የሚባለው የፓምፕ ዓይነት ናቸው። ፎርማችን «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ከማለት አያልፍም። አንድ ቀን «ይሠራል» የተባለ ፓምፕ ጋ ስትደርስ፣ ሴቶቹ ውኃ እስኪመጣላቸው እጀታውን ሲወዘውዙ ላባቸው ጠብ ይላል። ቧንቧው ውስጥ ቆሞ መቆየት የነበረበት ውኃ ወደ ጉድጓዱ እየተመለሰ ነበር። የታችኛው ቫልቭ ወይም መጋጠሚያው ያፈስሳል ማለት ነው። ማንም ሳያዛት ፎርሙ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ ፓምፑ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ውኃ የሚመጣው በስንተኛው ምት ነው? ከአምስት ካለፈ ጨርሶ ሳይቆም ለጥገና ይመዘገባል። የደብዳቤው ግማሽ ይህ ሆነ።

ቀጥዬ ያልወደደችውን ጻፍኩ። ወርሃዊ ሪፖርቷ ይዘገያል፤ ቁጥሩን መላልሳ ስታጣራ ቀኑ ያልፋል። መጀመሪያ ረቂቁን እንድትልክ ከተስማማን በኋላ ተሻሽላለች፤ ጨርሶ ግን አልለቀቃትም።

«ገደል ሊከቱኝ ነው እንዴ?» አለች።

«የማላምንብሽ ብሆን ከነጭራሹ አልጽፍልሽም ነበር። እንከን የለሽ ብዬ ብጽፍስ የፓምፑን ታሪክ ማን ያምነኛል?»

«ጨርሶ አልለቀቃትም» የምትለዋን እንዳወጣላት ለመነችኝ። አላወጣሁም። ታማ የቀረችባቸውን ቀናት ግን አላነሳሁም፤ ያ የራሷ ገመና ነው።

ትልቁ ችግር የተገኘው እኔ ደብዳቤ ላይ ሳይሆን የሰው ኃይል ክፍል የሰጣት የሥራ ልምድ ማስረጃ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ከ2012 እስከ 2015 ሠርታለች ይላል። ሲቪዋ ደግሞ ከ2019 እስከ 2023። መስከረም 2012 ገብታ ሰኔ 2015 ስለለቀቀች ሁለቱም ልክ ነው፤ ጀርመን ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው ግን የእኛን ዘመን አቆጣጠር ከየት ያውቃል? የውሸት ማስረጃ ሊመስለው ይችላል። እኔ ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፍኩና «ማስረጃሽን አስቀይረሽ ነይ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ትልኪያለሽ» ብዬ ወደ ሰው ኃይል ሰደድኳት።