«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ጥር ነው ግንቦት?»

ቤቴ ሱሉልታ ነው። የጎጃም መንገድ ቅርብ ስለሆነ ቀን ቀን ድምፅ መቅረጽ አይታሰብም። ሲኖትራክ ሲያልፍ መስኮቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ቀረጻ የምንይዘው ማታ ነው። ልብስ ማስቀመጫ ያደረግኳት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ብርድ ልብስ እሰቅላለሁ፣ ማይኩን አቆማለሁ፣ ጋሼ ይገባሉ። ዝናብ ከጣለ ቆርቆሮው አያናግርም፤ ሥራው ለነገ ይተላለፋል።

ጋሼ የምላቸው ተራኪዬን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በድምፃቸው የኖሩ ሰው ናቸው። የተጻፈላቸውን እንደ ውኃ ያወርዱታል። የእኔ ስክሪፕት ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ አስቆማቸው።

ሥራው ለአንድ የወተት ገበሬዎች ማህበር የሚሠራ አጭር ፊልም ነበር። ከማህበሩ የደረሰኝን ሰነድ ይዤ፣ ዓረፍተ ነገሩን አሳምሬ፣ ቁጥሮቹን እንዳሉ አስቀመጥኳቸው። አንዷ አንቀጽ ይህን ትመስል ነበር፤ ከቀኑ በቀር ቁጥሮቹን ቀየር አድርጌያቸዋለሁ።

«ማህበሩ በ12/05/2008 በ37 አባላትና በብር 18,500.00 ካፒታል ተመሠረተ። ዛሬ 214 አባላት ሲኖሩት በቀን ከ1,800-2,000 ሊትር ወተት በሊትር በብር 48.75 ይረከባል።»

ለዓይን ምንም አይልም። ሪፖርት ላይ የለመድነው ነው። ጋሼ ግን «ማህበሩ በአሥራ ሁለት...» ብለው ቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው በብርድ ልብሱ መሃል አንገታቸውን አወጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ጥር ነው ግንቦት?»

አላውቅም ነበር። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጥያቄ መሆኑም አልታየኝም። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ አምስተኛው ወር ጥር ነው፤ ጥር 12 ቀን 2008። ሰነዱን ያዘጋጀው ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፎት ከሆነ ደግሞ ሜይ 12 ቀን 2008 ነው፤ ወደ እኛ ሲመለስ ግንቦት 4 ቀን 2000 ይሆናል። አሜሪካኖች ወሩን ስለሚያስቀድሙ ዲሴምበር 5 ማለቱም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ኅዳር 26 ቀን 2001 ላይ ይወድቃል። አንድ ቁጥር፣ ሦስት ቀን፣ በመሃላቸው ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት።

የማህበሩ ሊቀመንበር ጋ ደወልኩ። ሳቁብኝ። «ቃና ዘገሊላ ነው እንጂ! ሚካኤልን ሸኝተን ስንመለስ አይደል የተሰበሰብነው?» አሉኝ። ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ነው። በአንድ ስልክ ቀኑም ተረጋገጠ፣ ከቀኑ የተሻለ ነገርም አገኘሁ። ሰሚው «ጥር አሥራ ሁለት»ን ይረሳዋል፤ ታቦት ሸኝተው ሲመለሱ የተሰበሰቡትን ሰዎች አይረሳም።

ከዚያ ወዲህ በእዝባር የተከፈለ ቀን ስክሪፕቴ ውስጥ አላስገባም። የወሩን ስም እጽፋለሁ። ዓ.ም. የሚለውንም «ዓመተ ምሕረት» ብዬ ዘርዝሬ እጽፋለሁ፤ እ.ኤ.አ. ካለ «እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር» እላለሁ። ተራኪ ሁሉ ምሕጻረ ቃሉን እንደማይዘረዝረው የገባኝ አንድ ወጣት ልጅ «እ፣ ኤ፣ አ» ብሎ ፊደል በፊደል ሲያነብልኝ ነው።

ሁለተኛው መቆሚያ ብሩ ነበር። «በብር 48.75» የሚለውን ጋሼ እንደተጻፈው አነበቡት፤ «በብር አርባ ስምንት ነጥብ ሰባ አምስት»። እሳቸው ጥፋት የለባቸውም፣ እኔ ነኝ እንዲህ የጻፍኩት። ግን ሱቅ ሄዶ እንዲህ የሚል ሰው አለ? አፋችን ብሩን ከቁጥሩ በኋላ ነው የሚያመጣው። ሳንቲሙን ደግሞ በ«ከ» እናያይዘዋለን፤ አርባ ስምንት ብር ከሰባ አምስት ሳንቲም። «ነጥብ» የሒሳብ ቋንቋ ነው፤ ለወተቱ የስብ መጠን ይሆናል፣ ለወተቱ ዋጋ አይሆንም። 18,500.00 ላይ ያሉት ሁለት ዜሮዎችም ለደረሰኝ እንጂ ለጆሮ አይደሉም። ጋሼ እዚያ ሲደርሱ ሌላ ነገር የቀረ መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተንጠልጥለው ቀሩ።

ሦስተኛው ያቺ ትንሽ ሰረዝ ናት። «ከ1,800-2,000» ስንጽፍ «ከ» አለች፣ «እስከ» የለችም። ተራኪው ንባቡ መሃል ላይ ሆኖ ፈልጎ ማምጣት አለበት። ከዚህ የባሰም አለ። «ከ3-400 ሺህ ብር» ብዬ የጻፍኩበት ጊዜ ነበር። «ከሦስት እስከ አራት መቶ ሺህ ብር» ተብሎ ተነበበ። የሰማ ሰው ከሦስት ብር ይጀምር ከሦስት መቶ ሺህ በምን ይወቅ? «ከሦስት መቶ ሺህ እስከ አራት መቶ ሺህ» ማለት ይረዝማል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሳይ መፍትሔው ቀላል መሰለኝ። ቁጥር የሚባል ነገር ሁሉ በፊደል ይጻፍ! ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ዘረዘርኩት። በማግሥቱ ጋሼ ሳይቆሙ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት እህቴን ቁርስ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ሰጠኋት። ስክሪፕቱን አላየችም። «የሰማሽውን ቁጥር ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፊልኝ» አልኳት። ጻፈች። የመሥራቾቹ ብዛት ላይ 67 ብላለች።

«ሠላሳ ሰባት ነው» አልኳት።

«እኔ ስልሳ ሰባት ነው የሰማሁት።»

መልሼ ሰማሁት። እውነቷን ነው። ጋሼ «ስልሳ» ብለዋል። «ሠላሳ»ና «ስልሳ» በፊደል ሲጻፉ ለደከመ ዓይን አንድ ናቸው፣ ለጆሮም እምብዛም አይራራቁም። 37 ግን ከ67 ጋር አይምታታም። በአኃዝ ያልነበረ ስህተት እኔው በፊደል ፈጥሬ አስገባሁ። ያዳነኝ ሒሳቡ ነው። መሥራቾቹ እያንዳንዳቸው 500 ብር አዋጥተዋል፤ 37 ሲሆኑ 18,500 ይሞላል፣ 67 ቢሆኑ 33,500 ይሆን ነበር። ፊልሙን ያየ አንድ ገበሬ በጣቱ ቆጥሮ ይይዘን ነበር።

ስለዚህ አሁን ስክሪፕቴ ሁለት ዓምድ አለው። ሰፊው ዓምድ ላይ የሚነበበው በፊደል ይጻፋል። ጠባቡ ዓምድ ላይ፣ ከዚያው መስመር ትይዩ፣ አኃዙ ብቻ ይቀመጣል። ተራኪው ከግራ ያነባል፣ በዓይኑ ጥግ ቀኙን ያያል። እኔ ደግሞ ቀረጻው ላይ ቁጭ ብዬ የምከታተለው ቀኙን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጋር ተጣልቼ ተማርኩ። በፊደል የተጻፈ ቁጥር ረጅም ስለሆነ መስመር ሲያልቅ ይቆረጣል። «አሥራ ስምንት ሺህ» አንዱ መስመር ላይ፣ «አምስት መቶ ብር» ታችኛው ላይ። ተራኪ መስመር ጫፍ ላይ ትንሽ ትንፋሽ ይወስዳል። በዚህች ትንፋሽ አንዱ ቁጥር ሁለት ቁጥር ይሆናል። ወርድ ላይ በቃላቱ መሃል በተራው ክፍተት ፈንታ `Ctrl+Shift+Space` ብጫን ቃላቱ ተያይዘው አብረው ይወርዳሉ።

አንቀጿ በመጨረሻ እንዲህ ሆነች።

«ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር አሥራ ሁለት። የቃና ዘገሊላ ዕለት። ታቦት ሸኝተው የተመለሱ ሠላሳ ሰባት ገበሬዎች እያንዳንዳቸው አምስት መቶ ብር አዋጡ። አሥራ ስምንት ሺህ አምስት መቶ ብር ሞላ። ዛሬ አባላቱ ከሁለት መቶ በላይ ናቸው። ማህበሩ በየቀኑ ሁለት ሺህ ሊትር የሚጠጋ ወተት ይረከባል። ለአንዱ ሊትር አርባ ስምንት ብር ከሰባ አምስት ሳንቲም ይከፍላል።»

214 «ከሁለት መቶ በላይ» መሆኑ ሊቀመንበሩን ትንሽ ቅር አሰኝቷቸው ነበር። አሥራ አራቱ ሰዎች ምን በደሉ? ግን ሰሚ በአንድ ደቂቃ ስድስት ትክክለኛ ቁጥር አይሸከምም። ብሩን አላጠጋጋሁትም፤ የሰው ገንዘብ ነው። አዋጡ የተባለውና ይከፈላል የተባለው እስከ ሳንቲሙ ይነገራል። የወተቱ መጠን ግን ራሱ በየቀኑ ይለዋወጣል፣ ማጠጋጋቱ እንዲያውም ይበልጥ እውነት ነው።

ዓመተ ምሕረት ላይ ሌላ ጣጣ አለ። 1966ን «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስድስት» የሚል አለ፣ «አሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስድስት» የሚል አለ፣ ትልልቆቹ ደግሞ «በስልሳ ስድስት» ብለው ይጨርሱታል። ለእኔ መሃለኛው ይመቸኛል፤ ለትረካ አይከብድም፣ ለወጣቱም የትኛው ስልሳ ስድስት እንደሆነ አያጠራጥርም። ዋናው አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ነው። «በአሥራ ዘጠኝ» ብዬ ጽፌ ጋሼ «ባሥራ ዘጠኝ» ቢሉ ግን አላርማቸውም። አፍ የሚያውቀውን አፍ ይሥራው።

ሰዓቱ ላይም ተጃጅያለሁ። የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት ላይ የወተት መኪናው 6:30 ይመጣል ይላል። ገልብጬ «ስድስት ሰዓት ተኩል» አልኩ። በስድስት ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ የቆመ ወተት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ገበሬ መሆን አያስፈልግም። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር።

የፊልሙ ርዝመትም አመለጠኝ። ጋሼ በደቂቃ መቶ ቃል ገደማ ያነባሉ። ስክሪፕቱ 800 ቃል ስለነበር ለኤዲተሩ ስምንት ደቂቃ ነው አልኩት። ዘጠኝ ደቂቃ አለፈ። ኮምፒውተሩ «214»ን አንድ ቃል ብሎ ነው የሚቆጥረው፣ በአፍ አራት ቃል ነው። «በብር 48.75» ሁለት ቃል ይመስላል፣ ሲነበብ ስድስት ነው። አሁን ቃል የምቆጥረው ቁጥሮቹን ከዘረዘርኩ በኋላ ብቻ ነው።

ፊልሙ ሊመረቅ ሳምንት ሲቀረው ማህበሩ የወተቱን ዋጋ ጨመረ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ብቻ እንደገና መቅረጽ ነበረብን። ደግነቱ ዋጋው ብቻውን፣ በራሱ ዓረፍተ ነገር ቆሞ ስለነበር ሌላውን አልነካንም። ክፋቱ ጋሼን ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ነጭ ሽንኩርት በማር አስይዤ አስገባኋቸው። እስከ ዛሬ ፊልሙን ሳየው ሃምሳ ሁለት ብር የሚለው ላይ ያቺ አፍንጫቸው ትሰማኛለች።