እባካችሁ ለሦስተኛ ጊዜ ምረጡልን

ዘመዶቼ፣ ወዳጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። የሐዋሳው ምግብ ቤታችን እስካሁን ስም አልወጣለትም። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው።

የመጀመሪያውን ፖል ቴሌግራም ላይ ሳወጣ፣ ከአንድ በላይ መምረጥ የሚፈቅደውን ቁልፍ ሳላጠፋ ላክሁት። የኛ ቤተሰብ ይሉኝታ ደግሞ ይታወቃል። 25 ሰው መርጦ «ሐይቅ ዳር» 96፣ «ቆሮሶ ቤት» 92፣ «ፀሐይ» 88 በመቶ አገኙ፤ ድምሩ 276 በመቶ! ቴሌግራም መቶኛውን የሚያወጣው ከመራጩ ቁጥር ስለሆነ አልተሳሳተም። እናንተ ናችሁ ሦስቱንም መርቃችሁ የሄዳችሁት።

በሁለተኛው አንድ ምርጫ ብቻ ፈቀድሁ፤ ማን ምን እንደመረጠ ግን ይታይ ነበር። ጋሼ ቀድመው «ፀሐይ»ን ነኩ። ፀሐይ ባለቤታቸው መሆናቸውን የረሳ የለም፤ ተከታዩ ሁሉ እንደ ሰርግ ሰልፍ ከኋላቸው ተደረደረ። ይባስ ብሎ አንዱ የአጎቴ ልጅ ፖሉን ወደ መሥሪያ ቤቱ ግሩፕ አስተላለፈው። የተላለፈ ፖል ድምፁ እዚያው ዋናው ላይ ይደመራል፤ 25 ሰው ካለበት ግሩፕ 61 ድምፅ መጣ።

አሁን የላክሁት ስም አይታይበትም፣ ምርጫውም አንድ ብቻ ነው፤ ለማንም አታስተላልፉት። ከመንካታችሁ በፊት ግን ይህን አስቡ።

«ሐይቅ ዳር» ያምራል፤ ነገር ግን እዚህ ከተማ ለባጃጅ ሹፌር «ሐይቅ ዳር ውሰደኝ» ብትሉት አሞራ ገደል ሊያወርዳችሁ ይችላል። ስም ሳይሆን አቅጣጫ ነው።

«ፀሐይ»ን (እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ) አንዱ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ ይጽፈዋል፤ ቀጥሎ ሐ፣ ሀ፣ ሃ ወይም ኃ ሊመጣ ነው። እነዚህ ብቻ ስምንት አጻጻፍ ይሰጣሉ። ደንበኛው ካርታ ላይ ሲፈልገን በአንዱ ጽፎ በሌላው ብንመዘገብ ላያገኘን ይችላል።

«ቆሮሶ ቤት» እንደተጠራ ይጻፋል፤ የምንሸጠውንም ይናገራል። ችግሩ ዓሣ ባለቀ ቀን ነው፤ ቆሮሶ ቤት ገብቶ «ቆሮሶ የለም፣ ሽሮ ላምጣ?» የተባለ ሰው ምን እንደሚል ገምቱ። እኔ ግን ወደዚህኛው አደላለሁ፤ ዓሣውን በጠዋት ሄዶ መግዛት ይቻላል፣ ስምንቱን ፀሐይ ግን ማን ይሰበስባል?

ጮክ ብላችሁም ሞክሩት። ጫጫታ ያለበት ቦታ ላለ ሰው ደውሉና ስሙን አንዴ ብቻ ንገሩት። «ምን? ማን?» ካለ ይቅርብን።

ፖሉ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ይዘጋል፤ ዓርብ ጠዋት የታፔላ ጸሐፊው ይመጣል፣ ቀብድም በልቷል። ሐሳብ የቀየረ፣ ፖሉን ተጭኖ ይዞ ድምፁን መልሶ መውሰድ ይችላል።

አራተኛ ስም ግን አንቀበልም። ጋሼ፣ እርስዎን ነው።