እማዬን በአባቴ ስም ጽፌ የላክሁት ጥቅል

እማዬ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በኅዳር ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል። እኔ ያለሁት ጀርመን፣ ካሰል ነው። ለገና ይደርስልኛል ብዬ ሁለት የሱፍ ሹራብ፣ አራት ወፍራም ካልሲ እና ሙቅ ውሃ ተሞልቶ አልጋ ውስጥ የሚገባ ላስቲክ ገዛሁላት። በሰው እጅ ልልክ ነበር፤ የሚሄደው ሁሉ «ሻንጣዬ ሞልቷል» አለኝ። ስለዚህ በፖስታ ይሁን አልኩ።

ቅጹን የሞላሁት በስልኬ ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ መጣ። ምንም ሳላስብ የራሴን ጻፍኩበት፣ ማለትም የአባቴን ስም። ስድስት ዓመት እዚህ ስኖር እናትና ልጅ በአንድ ስም ሲጠሩ ማየት ለምጄ ነበር። እማዬ መታወቂያ ላይ ግን ያለው የእሷ አባት ስም ነው። ያኔ አልታየኝም።

ሌላውን እንኳን በደንብ ሠርቼዋለሁ። እዚያ ፖስታ በየቤቱ ስለማይታደል የጎረቤታችንን የመምህሩን የፖስታ ሳጥን ቁጥር አስፈቅጄ ጻፍኩ፤ የእማዬን ስልክም ጨመርኩ። ለጉምሩክ የሚሞላው ወረቀት ላይም «ስጦታ» ብዬ አላለፍኩም፤ እያንዳንዱን ዕቃ ከነብዛቱና ከነዋጋው ዘረዘርኩ።

ደረሰኙ ላይ በሁለት ፊደል ጀምሮ በ DE የሚያልቅ ቁጥር አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ እሱን የፖስታው ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ጥቅሉ የት እንደደረሰ ማየት ሆነ። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ፣ ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ፣ ማታ ከመተኛቴ በፊት። በአራተኛው ቀን ይህ መጣ፦

Departure from outward office of exchange

ጮቤ ረገጥኩ። «ተነሥቷል!» ብዬ ለእማዬ ደወልኩ። ከዚያ 17 ቀን ጭጭ።

ጠፋ ብዬ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። እዚህ ፖስታ ቤት የሚሠራ አንድ ሐበሻ ነው ያረጋጋኝ። ያ ጽሑፍ አውሮፕላኑ ተነሣ ማለት አይደለም አለኝ። ጥቅሉ ከሌሎች ጋር ከረጢት ውስጥ ገብቶ ከረጢቱ ታሸገ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው ከረጢቱ እንጂ ጥቅሉ አይደለም። ቦታ እስኪገኝ ይጠብቃል፣ ይበራል፣ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከረጢቱ ተከፍቶ ቁጥሩ እንደገና እስኪነበብ ድረስ ገጹ ላይ ምንም አይጻፍም። «ዝም ያለው መንገድ ላይ ስለሆነ ነው» አለኝ። ያንኑ ቁጥር በተቀባዩ አገር ፖስታ ገጽ ላይም እንድሞክር ነገረኝ። እዚያ አንዳንዴ ቀድሞ ይወጣል።

እውነትም በ18ኛው ቀን አዲስ አበባ መድረሱ እዚያ ወጣ። በማግስቱ Held by customs ሲል ደግሞ ተወረሰ ብዬ ነበር። ለፍተሻ ቀርቦ ነው እንጂ ሌላ ነገር አልነበረውም፤ በሦስተኛው ቀን ወጣ። ቀጥሎ፦

Arrival at delivery office

የሚታደልበት ፖስታ ቤት ደረሰ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆመ። አንድ ሳምንት። ሁለት ሳምንት። ገና አለፈ። ለእማዬ ብደውል «ማንም አልደወለልኝ ልጄ» ትላለች። በመጨረሻ መምህሩን አስቸገርኳቸው። ሳጥናቸውን ካዩ ቆይተዋል፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማን ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል? ሲከፍቱት የጥሪ ወረቀቷ ተጣጥፋ እዚያው ተቀምጣለች።

እማዬ መታወቂያዋን ይዛ ሄደች። ሠራተኛዋ አየችና «እናቴ፣ ይሄ የእርስዎ አይደለም» አለቻት። ስሙ ትክክል፣ የአባት ስም ሌላ። ስልኩን ለሠራተኛዋ ሰጠችልኝ፤ እኔም ተነጫነጭኩ። ልጅቷ ግን እውነቷን ነው። ለማንም «የልጄ ነው» ባይ ጥቅል ብትሰጥ የሚጠየቀው እሷ ናት።

መፍትሔውን የነገረችን እሷው ናት። እኔ የላኪውን ደረሰኝና የፓስፖርቴን ፎቶ ላክሁ፤ እማዬ ደግሞ ሁለቱም ስሞች የእሷ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ አጻፈች። ሦስት ቀን ፈጀ። ዕድሜዋን ሙሉ በአባቷ ስም የኖረች ሴት በእኔ ስሕተት ቀበሌ ተሰልፋ የባሏን ስም ስታስመሰክር ማሰብ ያሳፍራል። አሁን ምንም ነገር ከመላኬ በፊት የተቀባዩን መታወቂያ ፎቶ አስልኬ ፊደል በፊደል እገለብጣለሁ። ለባለ ሳጥኑም በዚያው ቀን እደውላለሁ።

ጥቅሉን የወሰደችው በጥምቀት ዋዜማ ነው። ገጹ ላይ ግን ዛሬም Arrival at delivery office ይላል። ማታ ደወልኩላት።

«ሹራቡ ልክ ሆነ?»

«ለብሼው ነው የማናግርህ።»

«ላስቲኩስ? አልጋ ውስጥ ታስገቢዋለሽ?»

«እሱን ሊጡ ሥር አድርጌዋለሁ» አለችኝ። «በዚህ ብርድ አልቦካ ብሎ አስቸግሮኝ ነበር።»