አርባ ስምንተኛው ረድፍ

ዛሬ ኅዳር 28 ነው። ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ብርዱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጠረጴዛዬ ላይ ተነሥታ ወደ ጎረቤት ሕንፃ ስትሻገር አንድ ዓይነት ትካዜ ይመጣብኛል፤ ቡናው ይቀዘቅዛል፣ የቢሮው ሰው አንድ በአንድ ቦርሳውን ያነሣል፣ እኔ ግን የወሩን የሰዓት ማጠቃለያ ሳልዘጋ መሄድ አልችልም። ማጠቃለያው ነገ ጠዋት ለደመወዝ ክፍል መድረስ አለበት። እንደምታውቁት ሥራዬ ይኸው ነው፦ በወሩ ማን ቀረ፣ ማን አረፈደ፣ ማን ስንት ቀን ፈቃድ ቀረው።

ሠንጠረዡን ጨርሼ ልዘጋ ስል ዓይኔ የስቶሩን ልጅ ረድፍ ላይ አረፈ። በማርፈድ ዐምዱ ውስጥ 8 ይላል። በሌላ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ቁጥሩን አይቶ ያልፈዋል፤ በእኛ ሥራ ግን 8 ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ላይ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው ስምንት ጊዜ የሥራ ሰዓት ያላከበረ ሠራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ሊሰናበት እንደሚችል ተጽፏል። ስለዚህ ያ ቁጥር ሰባት እስከሆነ ድረስ ወቀሳ ነው፤ ስምንት ሲሆን የአንድ ሰው እንጀራ ነው። አለቃዬ ይህን አንቀጽ እንደ ጸሎት በቃሉ ይዞታል፤ ማጠቃለያው ሲደርሰውም መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ዐምድ ነው።

ቁጥሩን የሚሰጠኝ ቀመር እኔው የጻፍኩት ነው፤ እንዲህ ይላል፦

```
=COUNTIFS(Data!B:B,B31,Data!D:D,">"&TIME(8,40,0))
```

የአሻራ ማሽኑ ሰዓት የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ የእኛ ሁለት ሰዓት ተኩል እዚያ ውስጥ 8:30 ነው፤ በሥራ ደንባችን የአሥር ደቂቃ ማቆያ አለች፤ ከ8:40 በኋላ ጣቱን ያሳረፈ ሁሉ አንድ ማርፈድ ይቆጠርበታል። ቀመሩ የሚያየው የዚህን ወር ብቻ ስለሆነ ያለፉትን አምስት ወራት ከየሉሁ እየለቀምኩ እደምራለሁ። የልጁ ድምር ከሰኔ አንድ፣ ከሐምሌ ሁለት፣ ከነሐሴ ምንም፣ ከመስከረም አንድ፣ ከጥቅምት አንድ፣ ከኅዳር ሦስት ነበር። (ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አንድ ሉህ ላይ ነው የማኖራት፤ ለአምስት ቀን ብቻዋን ሉህ ብከፍትላት ደመወዝ ክፍል ያብዳል።)

ኅዳር ላይ ሦስት መሆኑ ነው ያስገረመኝ። ልጁ ጠዋት የሚመጣው ከታክሲ ወርዶ በሩጫ ነው፤ ሰዓት አክባሪ ነው ልል አልችልም፣ ግን በአንድ ወር ሦስት ጊዜ አይቼበት አላውቅም። ጥሬውን መረጃ ከፈትኩት። ሁለቱ ማርፈዶች በተከታታይ ማክሰኞና ረቡዕ ናቸው፤ 8:46 እና 8:49። ዐምዱን በቀን አጥልዬ ስመለከት ማክሰኞ ዕለት ከልጁ በተጨማሪ አሥራ ስምንት ሰው አርፍዷል። በሌላው ቀን ከአምስትና ከስድስት አይበልጥም። መጀመሪያ ዝናብ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ደግሞ በኅዳር ምን ዝናብ አለ?

ከዚያ መውጫውን አየሁት። በእነዚያ ሁለት ቀናት ሁሉም ሰው ከወትሮው ሩብ ሰዓት አሳልፎ ነው የወጣው። አርፍዶ የሚገባ ሰው አምሽቶ ቢወጣ ያምርበታል፤ አርባ ስድስት ሰው ባንድ ላይ ግን አይታሰብም። ሰዓቱ ራሱ ወደ ፊት የሮጠ እንደሆነ የመግቢያውም የመውጫውም ሰዓት በእኩል ይገፋል፤ ሰው ያረፈደ እንደሆነ ግን የሚገፋው መግቢያው ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ወደ በሩ ወረድኩ። የቀኑ ጥበቃ ጋሼ ማክሰኞ ዕለት በማሽኑ 8:07 ላይ ነው ያረፉት፤ እሳቸው የሌሊቱን ጥበቃ የሚቀበሉት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ አርፍደው ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔ? በሩን ማን ከፍቶላችሁ ነው የገባችሁት ታዲያ!» አሉኝና የመረካከቢያ ደብተሩን ገልጠው አሳዩኝ። በራሳቸው የጭንቅ ፊደል፣ ከ1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ አጠገብ ፊርማቸው አለ። ልዩነቱ 15 ደቂቃ ነው።

ምክንያቱ ሲገኝ ሳቅ የሚያመጣ ነው። ሰኞ ሌሊት መብራት ጠፍቷል፤ የማሽኑ ባትሪ ደግሞ ካረጀ ቆይቷል፤ ስለዚህ መብራት ሲመጣ ማሽኑ ቀኑንም ሰዓቱንም ረስቶ ተነሣ። የኮምፒውተሩ ልጅ ማለዳ ሲያስተካክለው ቀና ብሎ ያየው የስብሰባ አዳራሹን የግድግዳ ሰዓት ነው። ያን ሰዓት አለቃዬ፣ ሰው ለስብሰባ እንዳያረፍድ ብሎ፣ ከዓመት በፊት 15 ደቂቃ ወደ ፊት ገፍቶታል። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰው ደርሶበት ማሽኑን አስተካከሉት፤ የማክሰኞንና የረቡዕን መረጃ ግን ማንም አልነካውም። ከሁለቱ ቀናት 15 ደቂቃ ስቀንስ ልጁ 8:31 እና 8:34 ላይ ነው የገባው። ስምንቱ ስድስት ሆነ። የሌሎቹንም አብሬ አስተካከልኩ፤ የለወጥኩበትን ምክንያትም ከጋሼ ደብተር ገጽ ጋር አያይዤ ጻፍኩ፤ ምክንያት ያልተጻፈበት ማስተካከያ ነገ ከማጭበርበር አይለይም።

እዚህ ላይ ዘግቼ መሄድ ነበረብኝ። ነገር ግን አንዴ የአንድን ሰው ረድፍ በቅርብ ካዩት በኋላ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማየት አይቀርም። ከማርፈዱ ቀጥሎ ያለው የቀሪ ፈቃድ ዐምድ 7 ይላል። ልጁ አምስት ዓመቱን ጨርሷል። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ ስለዚህ የዘንድሮው 18 ነው። በሐምሌ 8 ቀን ወስዷል። 10 መቅረት ሲገባው ሦስቷ የት ገባች?

ሦስቷ ቀን የአያቱ ለቅሶ ነች፤ ያኖርኳትም እኔ ነኝ። መስከረም ላይ አያቱ ማረፋቸውን የሰማው ማታ ነው፤ ሌሊቱን አገር ቤት ሄደ፤ ወደ ስቶር ኃላፊው ስልክ ደውሏል እንጂ ቅጽ አልሞላም። በመጀመሪያ ሦስቱንም ቀን «ቀ» ብዬ መዘገብኳቸው፤ ቀረ ማለት ነው። «ቀ» ደግሞ ተራ ፊደል አይደለችም። ማስጠንቀቂያ ከተሰጠና ከፈቃዶቹ በአንዱ የማይሸፈን ከሆነ፣ በስድስት ወር ውስጥ አምስት ቀን መቅረት እንደ ስምንቱ ማርፈድ ያሰናብታል። ሲመለስ፣ ፊቱ ከስቶሩ ሲሚንቶ የባሰ ነጥቶ፣ ቅጽ ሞልቶ አመጣ፤ ምክንያት በሚለው መስመር ላይ «ለቅሶ» ብቻ ብሎ ጽፏል። አዘንኩለት። «ግድ የለም፣ ከዓመት ፈቃድህ እናድርገው» አልኩትና «ቀ»ዎቹን ወደ «ዓ» ለወጥኳቸው። እሱም አመሰገነኝ። እኔም ያን ዕለት ደግ ሰው ነኝ ብዬ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

ደግነቴ ግን የራሱን መብት ቀምቶ ለራሱ መመጽወት ነበር። አዋጁ ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅና ወደ ላይ ለሚቆጠር ዘመድ፣ ለልጅና እስከ ሁለተኛ ደረጃ ላለ ዘመድ ሞት ደመወዝ የሚከፈልበት ሦስት የሥራ ቀን የሐዘን ፈቃድ ሰጥቶታል፤ ከዓመት ፈቃዱ ጋር አይነካካም። አያት ደግሞ ምንም ክርክር የለበትም። በሠንጠረዤ ላይ «ሐ» የምትባል ምልክት አለች፤ ለሐዘን። ካለች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ እስከ ዛሬ የተጠቀምኩባት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ለአለቃዬ። ሌላው ሠራተኛ ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው አልሞተበትም ማለት ነው? ሞቶበታል እንጂ፤ ለቅሶ የደረስኩባቸውን እንኳ መቁጠር እችላለሁ። ሦስቱን ቀን ወደ «ሐ» መለስኳቸው፤ ቀሪው 10 ሆነ። የሌሎቹን ለቅሶዎች መልሶ መፈለግ የነገ ሥራ ነው፤ የወረቀት ቅጾቹ በሁለት ትልልቅ ፋይል ታጭቀው ከመስኮቱ ሥር ይታዩኛል።

አስቀመጥኩት። ሰዓቱ አንድ ተኩል ሆኗል፤ ብርዱን ረስቼዋለሁ። ከመዝጋቴ በፊት ሠንጠረዡን እስከ ታች ስስበው የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ አርባ ስምንተኛው ላይ፣ የራሴ ስም አለ። ከርዕሱ ሥር ያሉት አርባ ስድስት ሰዎች ከተመዘገቡ በኋላ ራሴን ከሥር የጨመርኩት በትሕትና ይመስለኛል። የቀሪ ፈቃድ ዐምዴ 31 ይላል፤ በእጄ የጻፍኩት ነው። ስምንት ዓመት የሠራሁ በመሆኔ የዘንድሮው 19 ነው፤ 12ቱ ያለፈው ነው፤ ሥራ በዝቷል እየተባለ፣ ባይ ራሴው ሆኜ፣ የተዛወረ። ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ ማስተላለፍ እንደማይቻል፣ ሥራ ላይ ላለ ሰውም በገንዘብ እንደማይለወጥ ለሠራተኛው ሁሉ በማስታወቂያ ሰሌዳ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ገንዘቡን ማግኘት የምችለው ሥራዬን ስለቅ ብቻ ነው።

የማርፈድ ዐምዴ ግን ባዶ ነው። ዜሮ አይደለም፣ ባዶ። ቀመሩ እስከ አርባ ሰባተኛው ረድፍ ድረስ ብቻ ተስቧል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማሽኑ እኔን አሻራዬን እየወሰደ ሲመዘግብ ሠንጠረዡ አንድም ቀን ቆጥሮኝ አያውቅም። አለቃዬም ባዶውን ንጹሕ ነው ብሎ አልፎታል። ጣቴን የሕዋሱ ጥግ ላይ አድርጌ ቀመሩን አንድ ረድፍ ወደ ታች ሳብኩት።

5 አለ። በአንድ ወር።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር የግድግዳውን ሰዓት መፈለግ ነው፤ አንዷ በእርግጥም የማክሰኞዋ ነበረች፤ ከሌላው ሰው ፈጥኜ ሰረዝኳት። እንዲያም ሆኖ 4 ቀርቷል። ያለፉትን አምስት ወራት ሉሆች አልከፈትኳቸውም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎችን በሙሉ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ «አዘጋጅ» በሚለው ሥር ስሜ በቋሚነት ተተይቧል፤ «ለ» በሚለው ላይ ስሜ ቢገባ ደብዳቤውን ለማን እንደምሰጠውና ተቀባይ ብሎ ማን እንደሚፈርምልኝ እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅኩ።

ኤክሴሉን ልዘጋው ስል ያቺ ትንሽ ሳጥን መጣች፦ `Save`፣ `Don't Save`፣ `Cancel`። የልጁንና የሌሎቹን ማስተካከያ ቀድሜ ስላስቀመጥኩት በዚህች ሳጥን ላይ የቀረው የእኔ ረድፍ ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ሳጥኗ ከፊቴ ተከፍታ እያለች ነው፤ ጋሼም ከታች «ልጄ፣ በር ልዘጋ ነው!» እያሉ ሁለቴ ተጣርተዋል።