ሜላቶኒን፦ ሌሊት ላይ የደገምኩት ኪኒን

ወደ ምሥራቅ በበረርኩ ቁጥር የሰውነቴን ሰዓት ከደረስኩበት አገር ጋር ለማስተካከል ሜላቶኒን፣ ማለትም ሰውነት ማታ ማታ የሚያመነጨውን ሆርሞን፣ በኪኒን እወስድ ነበር፤ በመጨረሻም «ለእኔ አይሠራም» ብዬ ደመደምኩ። ጥፋቱ ግን የመጠኑና የሰዓቱ ነበር።

መደበኛው አወሳሰድ ቀላል ነው። በደረሳችሁበት አገር የመኝታ ሰዓት ሲቃረብ 0.5 ሚሊግራም ትወስዳላችሁ፤ ይህንኑ ለአራት ወይም ለአምስት ሌሊት ትደግማላችሁ።

እኔን የጎዳኝ ባለ 5 ሚሊግራሙ ኪኒን ነው፤ በተለይም ሌሊት ስነቃ የደገምኩት። የሰዓቱ ልዩነት 7 ሰዓት ነው እንበል። በሦስተኛው ሌሊት ሰውነት ሁለት ሰዓት ያህል ተስተካክሏል፣ አምስት ይቀረዋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነቅታችሁ 5 ሚሊግራም ዋጣችሁ። ለሰውነታችሁ ገና እኩለ ሌሊት ነው። ሜላቶኒን ደም ውስጥ በየሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፦ 5 የነበረው 2.5፣ ከዚያ 1.25፣ ከዚያ 0.6 ይሆናል። ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ 0.3 ሚሊግራም ያህል ይቀራል። ይህ ደግሞ ትርፍራፊ አይደለም፤ 0.3 ሚሊግራም ሲወሰድ ደም ውስጥ የሚደርሰው መጠን ሰውነት ማታ ማታ ራሱ ከሚያመነጨው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ ሰውነታችሁ «ሌሊት ነው» ይባላል።

ድብታው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሜላቶኒን አመሻሽ ላይ ሲደርስ የሰውነትን ሰዓት ወደፊት ይገፋል፣ ሊነጋጋ ሲል ሲደርስ ግን ወደኋላ ይጎትታል። ትልቁ መጠን ደም ውስጥ ስለሚቆይ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ማታ ያገኛችሁትን ጠዋት ያስመልሳችኋል። 0.5 ሚሊግራም ግን በሦስት ሰዓት ውስጥ ወደ 0.06 ስለሚወርድ ሥራውን ጨርሶ ይወጣል። ማሸጊያው ላይ «ከመኝታ በፊት አንድ ኪኒን» ብሎ መጻፍ እስካሁን ያናድደኛል፤ የየትኛው አገር መኝታ እንደሆነ እንኳ አይናገርም።

ትንሹ መጠን ካልተገኘ ተራውን ባለ 1 ሚሊግራም ለሁለት ክፈሉት። ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት ግን አትቁረጡ፤ ከተሰበረ በአንዴ ይለቀቃል። ሌሊት ከነቃችሁ አትድገሙ፣ መብራት ሳታበሩ ተኙ።

ለአዳር ፈረቃም መጠኑ ያው ነው፤ ከሥራ ወጥታችሁ ልትተኙ ስትሉ 0.5 ሚሊግራም። ቤት ሳትደርሱ አትውሰዱት፣ መኪና እየነዱ እንቅልፍ ይጥላል። የመንገዱ የጠዋት ፀሐይ ከኪኒኑ ስለሚበረታ ጥቁር መነጽር አድርጉ፣ መስኮቱንም በወፍራም መጋረጃ ዝጉ። ፈረቃችሁ በየሁለት ቀኑ የሚቀያየር ከሆነ ሰዓታችሁን በኪኒን ለማዞር አትሞክሩ፤ ሰውነት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚንቀሳቀስ አይደርስም።

እርጉዝ የሆነች፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ዋርፋሪን ወይም ፍሉቮክሳሚን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር፤ ፍሉቮክሳሚን ትንሿን መጠን እንኳ ደም ውስጥ እጅግ ያበዛታል።