ቡና ላይ ያወራነው

ልጃችን አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ባለቤቴ ከወለደች ወዲህ መቀራረብን ስትሸሽ «ጠልታኝ ይሆን?» እያልኩ ማኩረፍ ጀምሬ ነበር፤ ኩርፊያዬ ሳልናገር ማስገደድ እንደሆነባት የገባኝ ዛሬ ነው። (ይህን የምጽፈው እሷ አንብባ ስለፈቀደች ነው።)

ጉዳዩን ያነሣሁት ልጅቱ ተኝታ ቡና ስንጠጣ ነው፤ አልጋ ላይ ቢነሣ ጥያቄው ራሱ ግፊት ይሆንባታልና። «ለምን አትፈልጊኝም?» ማለቱን ትቼ «ናፍቀሽኛል፤ አንቺስ እንዴት ነሽ?» አልኳት። ቀኑን ሙሉ ሕፃን ከደረቷ ስለማይወርድ ማታ ማንም ባይነካት እንደምትመርጥ፣ ባለፈው በሞከርንበት ጊዜም አሟት እንደነበርና አፍራ እንደደበቀችኝ ነገረችኝ። ሐኪሟ እንዳስረዳቻት፣ በማጥባት ወቅት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ ብልት ሊደርቅ፣ ፍላጎትም ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ለድርቀቱ ማለስለሻ ይረዳል፤ ሕመሙ ከቀጠለ ግን መመርመር ያስፈልጋል።

ይበልጥ ያሳዘነኝ፣ እቅፌን እንኳ የምትሸሸው ወደ ሌላ ነገር ያመራል ብላ ስለምትሰጋ መሆኑን መስማቴ ነው። ስለዚህ ማቀፍ ማቀፍ ብቻ ሆኖ እንዲቀር ተስማማን፤ የቀረውን እሷ ስትፈልግ ታነሣዋለች። የእኔ ፍላጎት አልጠፋም፤ ናፍቆቴን መናገርም አልተከለከልኩም። ማታ ሶፋ ላይ ትከሻዬን እንደተደገፈች እንቅልፍ ወሰዳት።