ስመለስ እመልሳለሁ

የገቢ ዕቃ ሰነዶችን የምትይዝልን ባልደረባችን መጋቢት ላይ ሥራ ለቀቀች። በሰላም ነው የለቀቀችው። ኬክ ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ላፕቶፑንና መታወቂያውን አስረክባ ሄደች። እኔ አስተዳደር ክፍል ነኝና የርክክቡን ቅጽ የምሞላው እኔ ነበርኩ። «ኢሜይል» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ የአይቲውን ልጅ ስልክ ደወልኩለት። «ኢሜይሏ ላይ አውቶ ሪፕላይ አድርግላት» አልኩት። «እሺ» አለ። ምልክት አደረግኩና ወደሚቀጥለው መስመር አለፍኩ።

ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። ጥፋቱ ከዚያች የስልክ ጥሪ ይጀምራል።

አውትሉክ ባለፈው የጻፍከውን የራስ ሰር መልስ አይረሳም። ከእረፍት ስትመለስ ብታጠፋውም ጽሑፉ እዚያው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ልጁም ሲከፍተው ጥር ላይ ለጥምቀት እረፍት ስትወጣ የጻፈችውን አገኘ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፣ ጥሩ ትሕትናም አለው። ትርጉሙ «እረፍት ላይ ነኝ። ሰኞ ቢሮ እገባለሁ። ስመለስ እመልስልዎታለሁ» ነው። ማብሪያውን ነካና ወጣ። ቀን የለውም፤ ሰኞ ብቻ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

በዚያው ሰሞን የውሃ ፓምፕ የምንገዛበት የቱርክ ሻጭ የመርከብ ጭነት ሰነዱን፣ የቢል ኦፍ ሌዲንጉን፣ ረቂቅ ላከላት። ይህ ሰነድ ከመርከቡ በፊት በረቂቅ ይመጣል። ገዢው ስሙን፣ የባንክ የክፍያ ዋስትናውን ማለትም የኤልሲውን ቁጥርና የዕቃውን ዝርዝር አይቶ «ልክ ነው» ወይም «ይታረም» ይላል። ሐሙስ ቀን ላከ። ያቺ መልስ ወዲያው ደረሰችው። «ሰኞ ትገባለች» ብሎ ጠበቀ።

ሰኞ አለፈ። ማክሰኞ እንደገና ጻፈ። ይኼኔ ምንም አልመጣለትም። ለምን? ምክንያቱም አውትሉክ ለአንድ ላኪ የራስ ሰር መልስ የሚሰጠው አንዴ ብቻ ነው። መልሱ እስኪጠፋ ድረስ ያው ሰው መቶ ጊዜ ቢጽፍም ዝም ነው የሚለው። ሰውዬው ደግሞ ይህን ዝምታ በራሱ መንገድ ተረጎመው፦ «መልሱ ከቆመ ከእረፍት ተመልሳለች ማለት ነው። ሥራ በዝቶባት ይሆናል።» በረቂቁ ግርጌ «እስከ ረቡዕ እርማት ካልደረሰን እንደጸደቀ እንቆጥራለን» የሚል ነበር። ረቡዕም መሸ።

ረቂቁ ላይ የድርጅታችን ስም መጨረሻ ላይ ያለው «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ቀርቷል። ኤልሲው ላይ ግን አለ። ባንኩ ሰነዶቹ ሲደርሱት «ልዩነት አለ» ብሎ ያዘ። እኛ ነገሩን የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ጉምሩክ የሚያስፈጽምልን ትራንዚተራችንም በዚህ ስም አልሞክርም አለ። ከዚያ ኦሪጅናሎቹን መመለስ፣ ለማረሚያ መክፈል፣ አዲስ እስኪወጣ መጠበቅ ሆነ። ዕቃው ጅቡቲ ቁጭ ብሎ ነጻ ቀኖቹ አለቁና ዲመሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ መቁጠር ጀመረ። የሒሳብ ክፍላችን ደረሰኙን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሲሄድ አንድም ቃል አልተናገረም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ማረም ጀመርን። መጀመሪያ ሥራ አስኪያጃችን በራሱ አጻጻፍ ሞከረ፦ «ወይዘሮ እከሊት በገዛ ፈቃዳቸው ሥራ ለቀዋል። አቶ እከሌን በሞባይል ቁጥር…» አልወደድኩትም። ለምን እንደለቀቀች የቱርኩ ሰውዬ ምን አገባው? «በገዛ ፈቃዳቸው» ሲባል ደግሞ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚጠረጥረው። የተተኪው ስምና ሞባይልም ለሚጽፍ ሁሉ፣ ለአጭበርባሪም ጭምር፣ የሚታደል ነገር አይደለም። ከሁሉ በላይ ተተኪውም ነገ ሊለቅ ይችላል። ያን ጊዜ የሄደች ሰው ወደ ሄደ ሰው ትልካለች ማለት ነው።

ስለዚህ import@ የሚል አድራሻ አስከፈትን። ሁለት ሰዎች ያዩታል፤ አንዱ ቢቀር ሌላው አለ። ጽሑፉንም ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እንዲህ አደረግነው፦

«ወይዘሮ እከሊት ከእንግዲህ በድርጅታችን አይሠሩም። ይህ መልእክትዎ አይነበብም፣ ወደ ሌላ ሰውም አልተላለፈም። ስለ ገቢ ዕቃና ሰነድ ከሆነ እባክዎ ወደ import@example.com እንደገና ይላኩት። ስለ ክፍያ ከሆነ ወደ finance@example.com ይላኩ። የአድራሻ መዝገብዎ ውስጥ ያለውን የቀድሞ ኢሜይል እንዲቀይሩልን እንጠይቃለን።»

ከሥሩ ያው በእንግሊዝኛ አለ።

የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ የሆነችው በስልክ ላይ የምትታየው እሷ ስለሆነች ነው። «እናመሰግናለን፣ መልእክትዎ ደርሶናል» ብለህ ከጀመርክ ሰው እዚያው ያቆማል። ተናጋሪውም «እኔ» አይደለም። የሄደ ሰው «ከእንግዲህ አልሠራም» ብሎ ሲመልስ መንፈስ ነው የሚመስለው።

በጣም የተጨቃጨቅነው ግን «አይነበብም፣ አልተላለፈም» በሚለው ነው። ሥራ አስኪያጁ ሸካራ ነው አለ። እኔ ደግሞ የሚያስፈልገው እሱ ነው አልኩ። «እከሌን ያነጋግሩ» ብቻ ከተባለ ላኪው የላከው ነገር በራሱ ወደ እከሌ የሄደ ይመስለዋል። እንደገና ላክ ካላልከው አይልክም። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ወር እኔ ሳጥኑን በየቀኑ እከፍት ነበር። ጽሑፉ ላይ ግን ያን አልነገርንም፤ ከተነገረ ማንም አድራሻ አይቀይርም።

ልጁ አዲሱን ጽሑፍ አስገባ። እኔ ከግል ጂሜይሌ ሞከርኩ። ምንም አልመጣም። ደገምኩ፤ ምንም። «ተበላሽቷል» አልኩት። እሱ ትንሽ አሰበና «ድሮውን ከዚህ አድራሻ ጽፈህላት ነበር?» አለኝ። አዎ፣ ከለቀቀች በኋላ ስለ አንድ ፋይል ጽፌላት የሰኞዋ መልስ ደርሳኛለች። ጉዱ እዚያ ላይ ነው። ጽሑፉን ቀየረ እንጂ መልሱን አላጠፋውም። የድሮው የደረሳቸው ሁሉ፣ የቱርኩ ሻጭም ጭምር፣ አዲሱን አያዩትም ማለት ነው። አጥፍቶ እንደገና ሲያበራው ዝርዝሩ ከዜሮ ጀመረና መልሱ መጣልኝ። ለውስጥ ሠራተኛና ለውጭ ሰው የሚሄደው በሁለት የተለያዩ ሳጥኖች እንደሚጻፍም ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ሁለቱንም አስሞላሁት።

የቀረው እድሜው ነበር። ልጁ የሚከፈልበትን የሶፍትዌር ፈቃድ ለመቆጠብ ከወር በኋላ አካውንቱን ሊሰርዘው ነበር። ከተሰረዘ ግን ራስ ሰር መልሱም አብሮ ይጠፋል፤ ላኪው የሚያየው «አድራሻው አልተገኘም» የሚል የስህተት መልእክት ብቻ ነው። ወደ ጋራ የመልእክት ሳጥን ቀየረው። ከ50 ጊጋባይት በታች ከሆነ ለብቻው ፈቃድ አይጠይቅም፣ መልሱም ይቀጥላል። የመጨረሻ ቀን አላስገባንበትም።

የርክክብ ቅጹ ላይ አሁን «ኢሜይል» የሚለው መስመር ሦስት መስመር ሆኗል። ሦስተኛው «ከውጭ አድራሻ ተሞክሯል፣ ማን ሞከረው?» ይላል። ፊርማ አለው።

የቱርኩ ሰውዬ አሁን በimport@ ነው የሚጽፍልን። ሰኞ ቀን ከጻፈ ግን መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጨምራል፦ «ተመለሰች?»